መጋዘኑን ልዝጋ ወይስ ኮምፒውተሩን?

በ2016 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ለሠራተኞቻችን አንድ ደብዳቤ ጻፍኩ። ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። አዲሱ የኢ.አር.ፒ. ሲስተም ሥራ የሚጀምርበትን ቀን ይናገራል። ከዚያ በፊት ስለሚኖረው ዳታ ፍሪዝ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር አለው። «ከሰኔ 28 ጀምሮ ሲስተሙ ስለሚዘጋ ማንኛውም እንቅስቃሴ የታገደ መሆኑን እናሳውቃለን» ይላል። ማኅተም ተመታበት፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ተለጠፈ፣ በቴሌግራም ለቅርንጫፎች ተላከ።

በማግስቱ ጠዋት የሐዋሳው የመጋዘን ኃላፊ ደወሉልኝ። ከእኔ በፊት ድርጅቱ ውስጥ የነበሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

«ልጄ፣ ደብዳቤሽን አነበብኩት» አሉኝ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። መጋዘኑን ልዝጋ ወይስ ኮምፒውተሩን?»

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩን ነው» አልኩ።

«እሺ። ታዲያ ደንበኛ ሲመጣ ዕቃውን በምን ልስጠው?»

መልስ አልነበረኝም። ደብዳቤውን ደግሜ ሳነበው መልሱ እዚያም የለም። ያን ቀን አስነሣሁትና እንደገና መጻፍ ጀመርኩ። ሁለተኛው ደብዳቤ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። የጊዜው ብዛት ከአማርኛው አልነበረም። አንድ ሰው በጠየቀኝ ቁጥር እኔ ራሴ ያልወሰንኩት ነገር ስለሚገኝ ነው።

ስለ ሥራችን ትንሽ ልበል። የግንባታ ማጠናቀቂያ ዕቃ እናስመጣለን፣ እናከፋፍላለን። ቀለም፣ ሴራሚክ፣ የቧንቧ ዕቃ። ዋናው ቢሮ አዲስ አበባ ነው፤ መጋዘን ደግሞ እዚያው አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር አለን። ሂሳቡ ለዓመታት ፒችትሪ በሚባል የሂሳብ ሶፍትዌር ሲሠራ ኖሯል። መጋዘኖቹ የየዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ በእጅ በሚጻፍበት ቢን ካርድና በኤክሴል ነበሩ። አዲሱ ሲስተም ግዥውን፣ መጋዘኑን፣ ሽያጩንና ሂሳቡን አንድ ላይ ያመጣል። ስለዚህ የአራት ቦታ መረጃ ወደ አንድ ቦታ መዞር አለበት።

መጀመሪያ የነካሁት ቃሉን ነው። «እገዳ» የሚለውን አወጣሁ። በእኛ አገር የሂሳብ እገዳ ሲባል ሰው የሚያስበው ፍርድ ቤትን ነው፣ ባንክ የተያዘ ገንዘብን ነው። አንዲት ገንዘብ ያዥ «ደመወዛችንም ይታገዳል?» ብላ ጠይቃለች። ጥያቄዋ ትክክል ነበር። «ሲስተሙ ይዘጋል» የሚለውም ወጣ። በምትኩ የጻፍኩት «በኮምፒውተር መመዝገብ የሚቆምበት ጊዜ» የሚል ነው። ይረዝማል። ግን የሚቆመው ምዝገባው እንጂ ሥራው እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ቃል ይታያል።

ቀጥሎ ቀኑ መጣ። የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 አልቆ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሲስተም ለመቀየር ከዚህ የተሻለ ቀን የለም ብዬ አምናለሁ። በዓመቱ መሀል ብትገባ የገቢና የወጪ ሂሳቦችን ከነድምራቸው ተሸክመህ ትገባለህ። ሐምሌ 1 ላይ ግን እነሱ ባዶ ናቸው። የሚዞረው ሀብት፣ ዕዳና ካፒታል ብቻ ነው። የዓመት መጨረሻ ቆጠራም እንደሁ ይደረጋል፤ ኦዲተሮቹም ለመታዘብ ይመጣሉ። ጉዳቱ ደግሞ ግልጽ ነው። ዓመት የሚዘጉትና ሲስተም የሚቀይሩት ሰዎች እነዚያው ናቸው፣ ሳምንቱም ያው ሳምንት ነው።

ስለዚህ አንድ የነበረውን ቀን ሁለት አደረግሁት። በመጀመሪያው ደብዳቤ «ሐምሌ 1 ሥራ ይጀምራል» ብዬ ነበር። በሁለተኛው የሂሳቡ መነሻ ቀን ሰኞ ሐምሌ 1 ሆነ። ሠራተኛው አዲሱን ሲስተም ከፍቶ መመዝገብ የሚጀምርበት ቀን ደግሞ ሰኞ ሐምሌ 8። በመሀሉ ያለው ሳምንት መረጃ የምንጭንበትና የምናመሳክርበት ነው። የሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት ሥራ በወረቀት ይያዝና ከሐምሌ 8 በኋላ በየራሱ ቀን ይመዘገባል። ይህን አንድ ሳምንት ለማግኘት ከአለቆቼ ጋር ብዙ ተከራክሬያለሁ። «ባንኮች እንኳ በአንድ ሌሊት ይቀይራሉ» ብለውኛል። እኛ ግን አንድ ሳምንት የፈለግነው ለማሽኑ አይደለም። አራት መጋዘን ቆጥሮ፣ ቆጠራውን ከመዝገብ አስታርቆ፣ ልዩነቱን አጣርቶ ለመጨረስ ነው።

እዚህ ላይ ሰዓትም አስቸግሮናል። ሲስተሙን የሚተክሉልን ባለሙያዎች የውጭ ሰዎች ነበሩ። የእነሱ ዕቅድ ላይ የድሮው ሲስተም የሚቆመው July 5፣ 17:00 ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር ዓርብ ሰኔ 28፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ማለት ነው። እኔ በአማርኛው ደብዳቤ «11 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ሰው ለባለሙያዎቹ ሲተረጉም 11:00 አለው። ያ ደግሞ ለእነሱ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነው። ቢሆን ኖሮ የዓርብ ከሰዓት በኋላ ሽያጭ በሙሉ ሳይመዘገብ ሲስተሙ ይቆለፍ ነበር። ደግነቱ ቀድመን አየነው። ከዚያ በኋላ ደብዳቤው ላይ ያለ እያንዳንዱ ቀንና ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ተጻፈ። ሲስተሙ ስክሪን ላይ የሚያሳየው የፈረንጅ ቀን ስለሆነ ለሠራተኛውም ጠቅሞታል። ጳጉሜንም እዚያው ተነሣ። አዲሱ ሲስተም ዓመቱን በ12 ወር ነው የሚከፍለው፤ እኛ ደግሞ ነሐሴንና ጳጉሜን አንድ ላይ ነው የምንዘጋው። ስለዚህ አንዱ ወር 35 ቀን ሆኖ እንዲዋቀር መጠየቅ ነበረብን።

የጋሼ ጥያቄ ግን ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ምን ይቆማል? የሚቆመው አንድ ነገር እንዳልሆነ የገባኝ መልሱን ለመጻፍ ስቀመጥ ነው። ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይቆማሉ፤ የሚቆሙበትም ቀን፣ የሚቆዩበትም ጊዜ አይገናኝም።

መጀመሪያ የሚቆመው አዲስ ስም መክፈት ነው። አዲስ የዕቃ ኮድ፣ አዲስ ደንበኛ፣ አዲስ አቅራቢ። ይህ ዓርብ ሰኔ 14 ላይ ይቆማል፣ ከሌላው ሁለት ሳምንት ቀድሞ። ምክንያቱም ዝርዝሩን የምናጸዳው በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ነው። አንዱ ቅርንጫፍ «ነጭ ቀለም 4 ሊትር» ያለውን ሌላው «ቀለም ነጭ ጋሎን» ብሎ መዝግቦታል። እኛ ሁለቱን አንድ ስናደርግ አዳማ ላይ ሦስተኛ ስም ቢከፈት ሥራችን አያልቅም። ታዲያ በሰኔ 20 አዲስ ደንበኛ ቢመጣ ይመለስ? አይመለስም። ሽያጩ ይካሄዳል። ስሙና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ በአንድ ቅጽ ይያዝና ለአንዲት የተወከለች ሠራተኛ ይላካል። በሁለቱም ሲስተም የምትከፍተው እሷ ብቻ ናት። ደብዳቤው ላይ ስሟና ስልኳ ነበረ። «የሚመለከተው ክፍል» የሚል ቃል አልጻፍንም፤ ሰው ክፍል አይደውልም።

ሁለተኛው የሚቆመው ምዝገባ ነው። ዓርብ ሰኔ 28 ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ። ይህን ለደብዳቤ ብቻ አልተውነውም። በዚያች ሰዓት የሁሉም ሰው መግቢያ ወደ ማየት ብቻ ተቀየረ። መመዝገብ የሚችሉ ሦስት የሂሳብ ሠራተኞች ብቻ ቀሩ። ለምን ቀሩ? የሰኔ 29 እና 30 ወረቀቶች የአሮጌው ዓመት ናቸውና አሮጌው ሲስተም ውስጥ መግባት አለባቸው። የድሮው ሲስተም ወደ ኋላ ቀን አስገብቶ መመዝገብ ያስችላል። ሁሉም ሰው ክፍት ቢሆንለት ኖሮ እኛ የሂሳብ ሚዛኑን ካወጣን በኋላ አንዱ የረሳትን ደረሰኝ ያስገባል፤ ቁጥሩም ከእጃችን ላይ ይቀየራል።

ሦስተኛው የዕቃ እንቅስቃሴ ነው። ይህ የሚቆመው ለቆጠራ ብቻ ነው፣ ቅዳሜ ሰኔ 29 እና እሑድ ሰኔ 30። ለጋሼ መጋዘኑ የሚዘጋው በእነዚህ ቀናት ብቻ ነው ማለት ነው። ከሐምሌ 1 ጀምሮ መጋዘኑ ክፍት ነው፤ ዕቃ ይገባል፣ ይወጣል፣ በወረቀት ይያዛል። ለየቅርንጫፉ ቁጥራቸው ቀድሞ የታተመ ጥራዞች ላክን፤ ዕቃ ሲገባ የሚሞላው ጂአርኤን፣ ዕቃ ሲወጣ የሚሞላው ኤስአይቪ። ከየትኛው እስከ የትኛው ቁጥር ለማን እንደተሰጠ አስፈርመን ያዝን። ከሐምሌ 8 በኋላ ሲመዘገቡ የጎደለ ቁጥር ካለ ያልተመዘገበ ወረቀት አለ ማለት ነው። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑን ደግሞ ይህ ሁሉ አይነካውም። የእኛ ማሽን ከሲስተሙ ጋር አልተያያዘም ነበር። ደንበኛ እንደ ወትሮው ደረሰኙን ያገኛል። የቀኑን ሽያጭ ድምር ይዞ ማታ ማታ ከማሽኑ የሚወጣው ዜድ ሪፖርት ከዕለቱ ወረቀቶች ጋር ይያያዛል። በኋላ የዘገየውን ሽያጭ ስንመዘግብ የየቀኑ ድምር ከዜዱ ጋር ካልገጠመ ቁጭ ብለን እንፈልጋለን።

ወረቀቶቹ እንዳይቀላቀሉ ለየቅርንጫፉ ሁለት አቃፊ ሰጠን። ቀዩ የሰኔ ነው፣ ሰማያዊው የሐምሌ። ደብዳቤው ላይ የጻፍነው መመሪያ አጭር ነበር። ወረቀቱ የሚለየው ዕቃው በተንቀሳቀሰበት ቀን ነው፤ ኢንቮይሱ በመጣበት ወይም ገንዘቡ በተከፈለበት ቀን አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣ መኪና ሰኔ 30 አዳማ ቢያራግፍና የአጓጓዡ ሂሳብ ሐምሌ 3 ቢደርሰን ዕቃው ቀይ አቃፊ ውስጥ ይገባል። ያልደረሰውን የትራንስፖርት ሂሳብ ሦስቱ ሠራተኞች ገምተው በሰኔ ይይዙታል። ይህ ምሳሌ ደብዳቤው ላይ እንዳለ ሰፍሯል። ከተጻፈው ሁሉ ሰው ያስታወሰው የመኪናውን ምሳሌ ነው።

ለሂሳብ ክፍል ብቻ የተጻፈ አንድ አንቀጽም ነበር። የደንበኛና የአቅራቢ ቀሪ ሂሳብ በድምር እንዳይገባ የሚያዝዝ። እያንዳንዱ ያልተከፈለ ኢንቮይስ ለብቻው፣ ከነቀኑ፣ በውጭ ምንዛሪ ከሆነ ከነዶላሩ እንዲገባ። ልጆቹ ተማረሩ። «በብር ድምሩን እናስገባውና እንገላገል» አሉ። እኔም ለሁለት ቀን ልቤ ወላውሎ ነበር። የያዝኩት አቋም ትክክል እንደነበር ያየሁት ሐምሌ 22 ነው። በዚያ ቀን ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። ከ57 ብር ትንሽ ከፍ ብሎ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን ከ74 ብር አለፈ። ለውጭ አቅራቢ ያለብንን ዕዳ በአዲሱ ተመን መተመን ነበረብን። ዶላሩ በየኢንቮይሱ ተመዝግቦ ስለነበረ ሲስተሙ ራሱ አሰላው። በብር ድምር አስገብተነው ቢሆን በዚያ ጭንቅ ሳምንት የድሮ ፋይል እየገለበጥን ዕዳችን ስንት እንደሆነ ስንቆጥር እንከርም ነበር።

ከመጨረሻው በፊት የነበረው አንቀጽ ስለ መሰረዝ ነው። አለቆቼ እንዲወጣ ፈልገው ነበር። «ሠራተኛው ካሁኑ አይሳካም ብሎ ያስባል» አሉ። እኔ እንዲቆይ ለመንኩ። እንዲህ ይላል፦ እሑድ ሐምሌ 7 ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሦስት ቁጥሮች ይታያሉ። የአሮጌው ሲስተም ሚዛን ከአዲሱ ጋር ይገጥማል ወይ? በአዲሱ ሲስተም ያለው የዕቃ ዋጋ ድምር ከዋናው መዝገብ ጋር እኩል ነው ወይ? የመክፈቻ ሂሳብ ስንጭን በመሸጋገሪያነት የተጠቀምንበት ሂሳብ ዜሮ ሆኗል ወይ? ከሦስቱ አንዱ እምቢ ካለ ሰኞ አይጀመርም። ወረቀቱ አንድ ሳምንት ይቀጥላል፤ ይህም እስከ 12 ሰዓት በቴሌግራም ይነገራል። ይህ አስቀድሞ ባይጻፍ እሑድ ማታ ደክሞን ሳለን «ግዴለም፣ በኋላ እናስተካክለዋለን» እንደምንል አውቃለሁ።

እሑድ ደረሰ። ሦስቱም ገጠሙ። ሰኞ ጀመርን።

ሐሙስ ሐምሌ 11 ጋሼ ደወሉ። ከሐምሌ 1 እስከ 7 የወጣውን ሁሉ አስገብተው ጨርሰዋል። «ልጄ፣ ይሄ ነገር በልቶኛል» አሉ። «ትልቁ የቀለም ጣሳ በቢን ካርድ 355 ነው። በእጄም ቆጥሬ 355 ነው። ኮምፒውተሩ 367 ይላል።»

12 ጣሳ። የአንዱ ዋጋ 2,150 ብር ነው፤ ባጠቃላይ 25,800 ብር። ትልቅ ገንዘብ አይደለም። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሦስቱ ቁጥሮች እሑድ ዕለት መግጠማቸው ነው። ስህተቱ ታዲያ የት ተደብቆ አለፈ?

ወደ ኋላ ሄድን። በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት የወጣው 45 ጣሳ ነው፤ በሲስተሙም በካርዱም እኩል። ስለዚህ የ12ቱ ልዩነት ከሐምሌ 1 በፊት የነበረ ነው። የቆጠራ ወረቀቱን አወጣን። ቅዳሜ ሰኔ 29 ጠዋት የተቆጠረው 412 ነው። ካርዱ ግን ቅዳሜ ማታ 400 ይላል። ቀዩን አቃፊ ከፈትን። የሰኔ 29 ቀን ያለበት አንድ ኤስአይቪ፣ 12 ጣሳ፣ ለአንድ የሕንፃ ተቋራጭ።

የሆነው እንዲህ ነው። ሐዋሳ ቆጠራውን ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ጨረሰ። ደብዳቤዬ «ቆጠራ በሚካሄድበት ጊዜ ዕቃ አይገባም፣ አይወጣም» ይላል። ቆጠራው አለቀ፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሸጡ። እኔ ማለት የፈለግሁት እስከ እሑድ ማታ ድረስ ነበር። የጻፍኩት ግን ያን አይልም። እሑድ ዕለት የሂሳብ ሠራተኛው ኤስአይቪውን በአሮጌው ሲስተም መዘገበ፤ ቀሪው 400 ሆነ። ቀጥሎ የቆጠራው ወረቀት ደረሰው፣ 412 ይላል። እንደ ደንቡ መዝገቡን ወደ ቆጠራው አስተካከለ፤ 12ቱን በቆጠራ የተገኘ ትርፍ ብሎ ያዘው። መዝገብና ቆጠራ እኩል ሆኑ። 412 ወደ አዲሱ ሲስተም ገባ። እኛም ሁለት እኩል ስህተቶችን አስተያይተን «ገጠመ» አልን።

ኦዲተሮች ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ። ቆጠራው ሲጀመር የመጨረሻው ጂአርኤንና የመጨረሻው ኤስአይቪ ቁጥር ስንት ነበር? እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ቆጠራ ወረቀቱ ራስጌ ላይ ቢጻፉ ኖሮ ነገሩ እሑድ ዕለት ያልቅ ነበር። የ12ቱ ጣሳ ኤስአይቪ ከመጨረሻው ቁጥር የሚከተል ስለሆነ ከቆጠራ በኋላ የወጣ መሆኑ ይታያል። ያኔ ከ412 ላይ ተቀንሶ 400 ይጫናል፤ ትርፍ የሚባል ነገር አይኖርም። የአዲስ አበባው መጋዘን ጽፎታል፤ ኦዲተሩ እዚያ ቆሞ ነበር። ሐዋሳ ኦዲተር አልሄደም። እኔም በደብዳቤው ላይ አላስገባሁትም፤ ሰው ያውቀዋል ብዬ ነበር።

ትርፉን ከሰኔው ሂሳብ ሰረዝን። የመክፈቻውን ዕቃ በ12 ቀነስን። ለኦዲተሩ ወረቀቶቹን አያይዘን ማስታወሻ ጻፍን። ከዚያ የሌሎቹን ቅርንጫፎች የቅዳሜና የእሑድ ኤስአይቪ አንድ በአንድ አየን። ባሕር ዳር ላይ ተመሳሳይ አንድ ተገኘ፣ 3 ካርቶን ሴራሚክ።

ለጋሼ ደውዬ የሆነውን ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ።

«እኔ ቆጠራው አልቋል ብዬ ነው የሸጥኩት» አሉ።

«ደብዳቤው እንዲያ ነው የሚለው ጋሼ። እርስዎ ያጠፉት ነገር የለም።»

«እንግዲያው ለሚቀጥለው ጻፊው።»

ፋይል ውስጥ ያለውን የደብዳቤውን ግልባጭ አወጣሁ። «ቆጠራ በሚካሄድበት ጊዜ» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዤ «ከቅዳሜ ሰኔ 29 ጠዋት 2 ሰዓት እስከ እሑድ ሰኔ 30 ማታ 12 ሰዓት» አልኩ። ከሥሩም «ቆጠራ ከመጀመሩ በፊት የመጨረሻው የጂአርኤንና የኤስአይቪ ቁጥር በቆጠራው ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ቆጣሪውና የመጋዘን ኃላፊው ይፈርሙበት» የሚል ጨመርኩ። ቀኑን ጽፌ ፈረምኩና መልሼ አስቀመጥኩት።